ነጻ ጉዳይ ሲያዝ፦ የፕሮ ቦኖ አያያዝ ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ አፈጻጸም

ፕሮ ቦኖ ሙሉ አጠራሩ ፕሮ ቦኖ ፑብሊኮ ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን «ለሕዝብ ጥቅም» ማለት ነው። ጠበቆች ዘንድ ደግሞ መክፈል ለማይችል ሰው ወይም ሕዝብን ለሚጠቅም ጉዳይ ያለ ክፍያ የሚሰጥ የሕግ አገልግሎት መጠሪያ ሆኗል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በቅርቡ የጥብቅና ፈቃድ ላወጡና የመጀመሪያ ነጻ ጉዳያቸውን ሊይዙ ለተዘጋጁ ነው። ነጻ ጠበቃ የያዘ ወይም የሚፈልግ ሰው ቢያነበውም ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቅበታል።

ዋናው ነገር ይህ ነው። በነጻ ጉዳይ የሚቀረው የጥብቅና ክፍያው ብቻ ነው። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አይቀርም። ቀጠሮ የማክበር ግዴታ አይቀርም። ይርጋ አይቆምም። ዳኛውም «በነጻ ነው የቆሙት» ብለው መልስ ማቅረቢያ ጊዜ አያራዝሙም። እኔ ያየኋቸው የተበላሹ ነጻ ጉዳዮች አብዛኞቹ የተበላሹት በክፋት አይደለም። ጠበቃው ጉዳዩን እንደ ውለታ ስለያዘው ነው። ውለታ ደግሞ ሲመች ይሠራል፣ ሳይመች ይቆያል።

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። አንድ የመጋዘን ጥበቃ ሠራተኛ ናቸው እንበል፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። 6 ዓመት ሠርተዋል። ደመወዛቸው በወር 4,500 ብር ነው። መስከረም 5 ቀን ኃላፊው ጠርቶ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አላቸው። ደብዳቤ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ የመጨረሻው ወር ደመወዝም አልተከፈለም። እናንተ ቢሮ የመጡት ኅዳር 24 ቀን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ምን ፕሮ ቦኖ ነው፣ ምን አይደለም

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ማንኛውም ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት የሕግ አገልግሎት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲሰጥ አስቀምጧል። ለማን እንደሚሰጥም ዘርዝሯል። የመክፈል አቅም ለሌላቸው ሰዎች፣ ለበጎ አድራጎትና ለማኅበረሰብ ተቋማት፣ ፍርድ ቤት አገልግሎት እንዲያገኙ ለጠየቀላቸው ሰዎች፣ እንዲሁም ሕጉንና የፍትሕ ሥርዓቱን ለማሻሻል ለሚሠሩ ኮሚቴዎችና ተቋማት። ከዚያ ወዲህ ዘርፉ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 እንደ አዲስ ተደራጅቷል። ስለዚህ ፈቃድ ስታሳድሱ ነጻ አገልግሎታችሁን በምን ቅጽና በምን ማስረጃ እንደምታሳዩ ከፈቃድ ሰጪው ዘንድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሰዓት መልቀም አይመችም።

50 ሰዓት ስንት ጉዳይ ነው? የጥበቃ ሠራተኛው ጉዳይ ከመጀመሪያው ውይይት እስከ ፍርድ 30 ሰዓት ግድም ይወስዳል ብላችሁ ያዙ። ስለዚህ የዓመቱ ግዴታ አንድ ሙሉ ክርክርና ጥቂት የምክር አገልግሎት ማለት ነው። አምስት ጉዳይ በአንዴ ይዞ ሁሉንም ከማንከባለል አንዱን ይዞ መጨረስ ይሻላል።

ፕሮ ቦኖ ከሌሎች ጋር ይምታታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ቢያጣና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ያን ሥራ የሚሠራው ተከላካይ ጠበቃ ከመንግሥት ደመወዝ ያገኛል። ለተከሳሹ ነጻ ነው፣ ለጠበቃው ግን መደበኛ ሥራው ነው። «ካሸነፍን ከመቶ ይህን ያህል ትሰጠኛለህ» የሚለው ውልም ፕሮ ቦኖ አይደለም፣ ክፍያው ዘገየ እንጂ አልቀረም። ደንበኛው ገንዘብ አጥቶ ሳይከፍል የቀረ ጉዳይም እንዲሁ። ነጻ መሆኑ መወሰን ያለበት ከመጀመሪያው ነው። ያልተሰበሰበ ሒሳብን በዓመቱ መጨረሻ «ነጻ አገልግሎት» ብሎ መመዝገብ ሐቀኝነት አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ተመሳሳይ ቁጥር ታገኛላችሁ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር አርአያ ደንብ ጠበቆች በዓመት 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት ለመስጠት እንዲጥሩ ይላል። ግን ምኞት ነው፣ ግዴታ አይደለም። እዚያ ላለ ሐበሻ ይህ በደንብ የሚታየው ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ነው። መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ አያቆምም። ሰውየው ከፍሎ ያቆማል፣ ነጻ ጠበቃ ያገኛል፣ ካልሆነም ብቻውን ይቆማል።

1. ታሪኩን ከመስማታችሁ በፊት ቀኑን ጠይቁ

የተበደለ ሰው ታሪኩን ከሥሩ ነው የሚጀምረው። ጋሼም ከተቀጠሩበት ቀን ጀምረው የኃላፊውን ፀባይ፣ የሌሊቱን ብርድ፣ የተሰረቀውን ጎማ ያወሩላችኋል። ስሟቸው። ግን መጀመሪያ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጋሼ፣ አትምጣ የተባሉት መቼ ነው? ቀኑን ያስታውሱታል?»

ምክንያቱ ይርጋ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ በ3 ወር ውስጥ ክሱን ማቅረብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይታገዳል። መስከረም 5 ላይ ሦስት ወር ስትጨምሩ ታኅሣሥ 5 ይሆናል። ዛሬ ኅዳር 24 ነው። 11 ቀን ቀርቷችኋል።

እዚህ ጋ አዲስ ጠበቃ የሚሳሳትበት አለ። ጋሼ «ወረዳ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ አመልክቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ጠርተውታል» ሊሏችሁ ይችላሉ። ይርጋው በዚህ ተቋርጧል ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ግን 11 ቀን እያላችሁ ያን ክርክር ለምን ትገዛላችሁ? ክሱን በጊዜው አስገቡ፣ ክርክሩ አያስፈልጋችሁም።

ጉዳዩን የማትይዙት ከሆነም ይህን ቀን ጽፋችሁ ስጧቸው። «ጉዳዩን ልይዝልዎ አልችልም፤ ክሱ ግን ከታኅሣሥ 5 በፊት መግባት አለበት» የሚል አጭር ወረቀት፣ ቀንና ፊርማ ያለበት። ሰው «ጠበቃው አየዋለሁ ብሎኛል» ብሎ እየጠበቀ መብቱ ያልፋል። ነጻ ጠበቃ ከሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ይህ የከፋው ነው። እምቢ ማለት ነውር የለውም፤ አየዋለሁ ብሎ መጥፋት ግን ሰውየውን ሌላ ረዳት እንዳይፈልግ ያስረዋል።

2. ልትይዙት የሚገባ መሆኑን አጣሩ

መጀመሪያ የጥቅም ግጭት። መጋዘኑ የማን ነው? የባለቤቱን ድርጅት ወይም እህት ኩባንያውን ከዚህ በፊት ወክላችሁ ታውቃላችሁ? ለደቂቃ ምክር የሰጣችሁም ቢሆን መዝገባችሁን አገላብጡ። ደንበኛው ስላልከፈለ የጥቅም ግጭት ሕጉ አይላላም።

ቀጥሎ አቅም። የመክፈል አቅም ማጣራት ሰው ማዋረድ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ደመወዝ፣ ሥር ያሉ የቤተሰብ አባላት ብዛት፣ የቤት ኪራይ፣ ሌላ ገቢ መኖሩን መጠየቅ ይበቃል። ከወረዳ የሚመጣ የገቢ ማስረጃ ለፋይላችሁ ጥሩ ነው። ግን 11 ቀን ሲቀር ሰውየውን ወረዳ ለወረዳ አታንከራትቱ፣ ማስረጃው በኋላ ይደርሳል።

ከዚያ የእናንተ ችሎታ። የሥራ ክርክር አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ አንድ የሚያውቅ ባልደረባ ረቂቁን እንዲያይላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ድሃ ላይ መለማመድ አይቻልም። ጉዳዩ ከእናንተ አቅም በላይ ከሆነ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለረጅም ዘመን ነጻ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ስትልኳቸው «እዚያ ሂዱ» ብቻ አትበሉ። ደውላችሁ እንደሚቀበሏቸው አረጋግጡ።

3. ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ ጠበቃ ነጻ ነው ብሎ ውል አይጽፍም። የሚከፈልበት ጉዳይ ላይ ቢያንስ ክፍያው ሲጻፍ ሥራውም አብሮ ይጻፋል። ነጻው ላይ ምንም አይጻፍም። ከስምንት ወር በኋላ ሁለቱም የየራሳቸውን ውል በልባቸው ይዘው ይገኛሉ።

መጻፍ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሥራው እስከ የት እንደሆነ ነው። የጋሼ ክስ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይገባል። ቢሸነፉ ይግባኝ አለ፣ ጊዜውም 30 ቀን ነው። ከይግባኝ በኋላ ሰበር አለ። ቢያሸንፉም ድርጅቱ በፈቃዱ ካልከፈለ አፈጻጸም አለ። ጋሼ ይህን ሁሉ አያውቁም። ለእሳቸው «ጉዳዩን ይዤልዎታለሁ» ማለት ገንዘቡ እጃቸው እስኪገባ ማለት ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ ደረጃውን ብቻ አስባችሁ ይሆናል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ይግባኙን ልትተዉ ትችላላችሁ፣ አፈጻጸሙን ግን አትተዉ። ያልተፈጸመ ፍርድ ለድሃ ሰው ወረቀት ነው። ጠበቃ ከፍሎ ፍርድ ያገኘ ሰው ለአፈጻጸም ሌላ ጠበቃ ያቆማል። ጋሼ በምን ያቆማሉ?

ሁለተኛው ወጪ ነው። የጥብቅና ክፍያና የጉዳዩ ወጪ የተለያዩ ናቸው። እናንተ የተዋችሁት የራሳችሁን ክፍያ ነው። የዳኝነት ክፍያ የሚባለውን መተው የእናንተ ሥልጣን አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ደግነቱ የሥራ ክርክር ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ነው። ጋሼ ለመዝገብ መክፈቻ አይከፍሉም። ለዚህም ነው የሥራ ክርክር ለመጀመሪያ ነጻ ጉዳይ ጥሩ የሚሆነው።

ጉዳዩ የብድር ወይም የቤት ክርክር ቢሆን ግን ሌላ ነው። የዳኝነት ክፍያው በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ ይሰላል፣ ለድሃ ሰው ደግሞ ከጠበቃ ክፍያ ባልተናነሰ በሩን ይዘጋበታል። መውጫው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ያስቀመጠው በደሃ ደንብ የመክሰስ ፈቃድ ነው። ከክሱ ጋር አመልካቹ ያለውን ንብረት ዘርዝሮ፣ በቃለ መሐላ አረጋግጦ ይጠይቃል። ፍርድ ቤቱም ሌላኛውን ወገን ሰምቶ ሊፈቅድ ወይም ሊከለክል ይችላል። ንብረት መደበቅ ፈቃዱን ያሳጣል። ስለዚህ ደንበኛው የሚናገረውን ዝርዝር ከመፈረሙ በፊት አንድ በአንድ ጠይቁት፦ ላም፣ ሞተር፣ በስሙ ያለ የባንክ ደብተር፣ በውርስ የደረሰ መሬት። «ትንሽ ናት ብዬ ነው» የሚባልላት ነገር በተቃዋሚው በኩል ትልቅ ሆና ትመጣለች።

በሥራ ክርክሩም ትናንሽ ወጪዎች አሉ። የውክልና ማረጋገጫ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ምስክሮች ወደ ችሎት የሚመጡበት ትራንስፖርት። ማን ይችላል? እናንተ ትችላላችሁ ካላችሁ እስከ ስንት ብር? ጻፉት። ደንቡ አነስተኛ ክፍያንም ይፈቅዳል። ያን የምትጠይቁ ከሆነ ቁጥሩ ዛሬ ይጻፍ፣ ሲከፈልም ደረሰኝ ይቆረጥ። መሃል ላይ የሚመጣ «እስቲ ለነዳጅ ያህል» የሚል ጥያቄ እምነት ያፈርሳል።

ጽሑፉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። አቀራረቡ ይህን ይመስላል፦

«ጠበቃው ደንበኛውን ከቀድሞ አሠሪያቸው ጋር ባላቸው የሥራ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትና በአፈጻጸም ያለ ጥብቅና ክፍያ ይወክላሉ። ይግባኝና ሰበር በዚህ ስምምነት አይካተቱም፤ ጠበቃው ፍርዱ በተሰጠ በ5 ቀን ውስጥ በይግባኝ ይቀጥሉ እንደሆነ ለደንበኛው በጽሑፍ ያሳውቃሉ። የውክልና፣ የፎቶ ኮፒና የምስክር ትራንስፖርት ወጪ እስከ 1,500 ብር ጠበቃው ይሸፍናሉ። ከፍርዱ ገንዘብ ላይ ለጠበቃው የሚከፈል ምንም ድርሻ የለም። ስለ ዕርቅ የሚወስኑት ደንበኛው ናቸው።»

አምስት ቀን ያልኩት ይግባኙ 30 ቀን ስለሆነ ነው። የማትቀጥሉ ከሆነ ጋሼ ሌላ ሰው የሚፈልጉበት 25 ቀን ይቀራቸዋል። ጽሑፉን አንብቡላቸው። ማንበብ ቢችሉም አንብቡላቸው። በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። «እንግዲህ አንተ ልጄ እስከ ፍርዱና ገንዘቡ እስኪወጣ አለህ፣ ወደ ላይ ከሄደ ግን እንነጋገራለን ማለት ነው» ካሉ ገብቷቸዋል።

4. ውክልና፣ ፋይልና ሰዓት

በዚያው ቀን ውክልናውን አስጀምሩ። እዚህ ጋ የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ መታወቂያ ነው። የጋሼ መታወቂያ ጊዜው ካለፈ ሰነዶች ማረጋገጫ አይቀበላቸውም። ወረዳ አሳድሰው እስኪመጡ ቀናት ይሄዳሉ። ቀኑ ከጠበበ ክሱን ራሳቸው ፈርመው መዝገቡን ይክፈቱ። እናንተ አዘጋጁላቸው። ውክልናው ሲደርስ ትገባላችሁ። ሰው በራሱ ስም መክሰስ ይችላልና ይርጋን ለመታወቂያ ብላችሁ አታሳልፉ።

ፋይሉን ከሚከፈልባቸው ፋይሎች ጋር አንድ ቦታ አስቀምጡት። አንድ ዓይነት ሽፋን፣ አንድ ዓይነት የቀጠሮ ደብተር። «የነጻ ጉዳዮች» የሚል የተለየ መሳቢያ ያለው ቢሮ ያን መሳቢያ የሚከፍተው ሥራ ሲጠፋ ነው።

ሰዓቱን በየቀኑ መዝግቡ። ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የፈጀው ጊዜ። ችሎት ደጃፍ የጠበቃችሁበትን ለብቻው ጻፉ፤ ከሥራው ሰዓት ጋር ከተደባለቀ ማንም የሚያየው ሰው ያምታታዋል። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ካላችሁም ነጻ ጉዳይን የሚሸፍን መሆኑን ጠይቁ። ጥፋት ቢደርስ ደንበኛው «በነጻ ስለነበር አልከስም» የማለት ግዴታ የለበትም።

5. ክሱን አዘጋጁ

ማንን እንደምትከሱ አጣሩ። የጥበቃ ሠራተኛ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ሰውየው የሚጠብቀው መጋዘን አንድ ነው፣ የሚቀጥረው ኤጀንሲ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጋሼን «አሠሪዎ ማነው?» ብትሏቸው የመጋዘኑን ስም ይነግሯችኋል። ደመወዙን ማን ይከፍል እንደነበር፣ የጡረታ መዋጮው በማን ስም እንደገባ፣ መታወቂያ ባጁ ላይ የማን ስም እንዳለ እዩ። የባንክ ስቴትመንት ካለ አንድ ገጽ ብዙ ነገር ይፈታል። ያለ ውል ወረቀት ለ6 ዓመት መሥራታቸውንም የሚያስረዳላችሁ ይኸው ነው። ከዚያ በላይ አብሯቸው ያደረ ሌላ ጠባቂ ወይም ደጃፉ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ይመሰክራል።

ቀጥሎ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። ወደ ሥራው መመለስ ይፈልጋሉ ወይስ ካሳ? ጠበቃ ካሳ ይመርጣል፣ ሒሳቡ ያምራል። የሃምሳ ዓመት ሰው ግን ካሳው ካለቀ በኋላ ሌላ ሥራ ላያገኝ ይችላል። ከተመለሱም ፍርድ ቤቱ እስከ 6 ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወስንላቸው ይችላል። ምርጫው የእሳቸው ነው።

ካሳውን መረጡ እንበል። ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል። ወር 4,500 ብር ለ30 ሲካፈል ቀኑ 150 ብር ነው። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ማለትም የ10 ቀን ነው። 6 ዓመት 30 እና 50፣ 80 ቀን። 12,000 ብር። ለማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ 2 ወር ስለሆነ 9,000 ብር። ከሕግ ውጭ ለተደረገው ስንብት ካሳ የ180 ቀን ደመወዝ፣ 27,000 ብር። ያልተከፈለው ወር 4,500። ድምሩ 52,500 ብር። ያልወሰዱት የዓመት ዕረፍት ካለና ክፍያው ስለዘገየ የሚጠየቅ ካለ ይደመራል። እያንዳንዱን በተለያየ መስመር ጻፉ፤ አንዱ ውድቅ ቢሆን ሌላውን እንዳይጎትት።

6. ዕርቅ ሲመጣ

መጥሪያው እንደደረሰ የድርጅቱ ሰው ይደውላል። «20,000 እንስጣቸውና ይለቅ» ይላል። እዚህ ላይ ራሳችሁን ጠብቁ። ሦስት ቀጠሮ ይቀርላችኋል፣ ሌላ የሚከፈልበት ሥራ አለ፣ ፋይሉም ይዘጋል። ዕርቁ ያማረው ለማን ነው? ለዚህ አንድ መፈተሻ አለኝ። ደንበኛው ቢከፍሉኝ ኖሮ ይህን ዕርቅ እመክራለሁ? መልሱ አይ ከሆነ ምክሩም አይ ነው።

ለጋሼ የምትሉት ይህ ነው፦ «የሚጠይቁት 52,500 ነው። ማስረጃችን ጥሩ ነው፣ የተሰናበቱበት ደብዳቤ ግን የለም፤ ራሱ ጥሎ ሄደ ሊሉ ይችላሉ። ሕጉ ፍርዱ በ60 ቀን ይሰጥ ቢልም ሊዘገይ ይችላል። እነሱ 20,000 ዛሬ እንሰጣለን ብለዋል። እርስዎ ምን ይላሉ?» ከዚያ ዝም በሉ። የመጣውን የዕርቅ ሐሳብ ሁሉ፣ ትንሽ ናት ብላችሁ የናቃችኋትንም ሳይቀር፣ የማሳወቅ ግዴታ አለባችሁ።

በዚህ መሃል ታሪካቸውን ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ አታውጡ። ስማቸውን ብትተዉም የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል። «እሺ ልጄ፣ የፈለግከውን አድርግ» ቢሏችሁ እንኳ ያ ፈቃድ አይደለም፣ ውለታ የያዘው ሰው መልስ ነው።

7. መቀጠል ካልቻላችሁ

ትታመሙ ይሆናል፣ ሥራ ትቀይሩ ይሆናል፣ ደንበኛው ሐሰተኛ ሰነድ ያመጣ ይሆናል። መውጣት ይቻላል፤ አወጣጡ ግን እንደ ማንኛውም ጉዳይ ነው። ለደንበኛው በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፣ ፍርድ ቤቱን ታሳውቃላችሁ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮና የሚያልፈውን የጊዜ ገደብ ትነግራላችሁ፣ ሰነዶቹን በዝርዝር አስፈርማችሁ ትመልሳላችሁ። ምስክር ሊሰማ ሦስት ቀን ሲቀር መውጣት ጉዳዩ ነጻ ቢሆንም አይፈቀድም። የደንበኛው ስልክ አለመመለስም ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የጥበቃ ሠራተኛ ቀን ይተኛል፤ ማታ ደውሉ።

8. ከፍርዱ በኋላ

ፍርዱ ሲነበብ መጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ «የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብት ተጠብቋል» የሚል አለ። ነጻ ጠበቃ ይህን ችላ ይለዋል። የጥብቅና ክፍያ ስላልተከፈለ እሱን አትጠይቁ፣ ያልወጣን ወጪ ወጣ ማለት ነው። የውክልናው፣ የፎቶ ኮፒውና የምስክሮቹ ትራንስፖርት ግን በእርግጥ ወጥቷል። ደረሰኞቹን ያስቀመጣችሁት ለዚህ ነው። ዝርዝሩን አቅርቡ። ያወጣው ጋሼ ከሆኑ ለጋሼ፣ እናንተ ከሆናችሁ በስምምነታችሁ መሠረት ለእናንተ ይመለሳል።

ከዚያ የፍርዱን ግልባጭ አውጡ። ድርጅቱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፣ ጋሼ የፍርድ ባለመብት፣ ድርጅቱ የፍርድ ባለዕዳ ይሆናል። የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ ማወቅ እዚህ ላይ ወርቅ ነው። ደመወዝ የገባበት ስቴትመንት ላይ ላኪው አለ። መጀመሪያ ያያችሁት ገጽ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ይጠቅማል።

ገንዘቡ የወጣ ዕለት ጋሼ ምናልባት 2,000 ብር በፖስታ አድርገው ይመጣሉ። «ለሻይ ነው፣ እንዳታሳፍረኝ» ይላሉ። አትቀበሉ። ስምምነታችሁ ላይ «ከፍርዱ ገንዘብ ላይ ምንም ድርሻ የለም» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ከተቀበላችሁ ጉዳዩ ነጻ መሆኑ ቀርቶ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ክፍያ ሆነ። እምቢታው እንዳያስቀይማቸው አድርጋችሁ ተናገሩት፦ «ጋሼ፣ ሕጉ አይፈቅድልኝም፤ ቡና ካፈሉ ግን መጥቼ እጠጣለሁ።» ዋና ሰነዶቻቸውን መልሱላቸው፣ መረከባቸውን ይፈርሙ፣ ስምምነቱ መፈጸሙን የሚገልጽ ሁለት መስመር ደብዳቤ ስጧቸው። የሰዓት ምዝገባውን ደምሩና የፍርዱን ግልባጭ አያይዛችሁ ለፈቃድ እድሳቱ ፋይል ውስጥ አስገቡት።